የአክሲዮን ቤታን በሪግረሽን ማውጣትና አር ስኩዌርን ማንበብ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ይህ ገጽ ጅማ ላይ ፋይናንስና አካውንቲንግ ለሚማሩ፣ በተለይ የመመረቂያ ጽሑፋቸውን ይዘው ኤክሴል ከፍተው ለተቀመጡ ነው። ቤታውን ማውጣት ብዙም አያስቸግርም፤ ኤክሴል በአንድ ቀመር ይሰጣችኋል። ሰው የሚደናገረው ከጎኑ በሚወጣው አር ስኩዌር ነው። አንዱ አነሰብኝ ብሎ ይጨነቃል፣ ሌላው ከፍ አለልኝ ብሎ ይደሰታል፤ ሁለቱም ያለ ምክንያት ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ከዚህ በታች ያሉት መልሶች አብዛኞቹ የሚያተኩሩት እሱ ላይ ነው።

ቤታ ከሪግረሽን የሚወጣው እንዴት ነው?

የአክሲዮኑን ወርሃዊ ሪተርን (ዋጋው ካለፈው ወር ስንት በመቶ ወጣ ወይም ወረደ) በአንድ ዓምድ፣ የገበያውን ኢንዴክስ ሪተርን በሌላ ዓምድ ታስቀምጣላችሁ። ከዚያ የአክሲዮኑን በገበያው ላይ ሪግረስ ታደርጋላችሁ። የሚወጣው መስመር ስሎፕ ቤታ ነው፤ መስመሩ ቋሚውን ዘንግ የሚነካበት ቦታ አልፋ ይባላል።

በቁጥር እንየው። ቁጥሮቹ ለልምምድ ብለን ያዘጋጀናቸው ናቸው፤ የየትኛውም ኩባንያ አይደሉም። የ12 ወር ሪተርን በመቶኛ፦

```
ወር       1   2   3   4   5   6   7   8   9  10  11  12
ገበያ      2  -1   3   0  -3   4   1  -2   5  -4   2   5
አክሲዮን   6  -5  -1   3  -8   9  -4   2   4  -6   7   5
```

የሁለቱም አማካይ 1 በመቶ ነው። ከእያንዳንዱ ቁጥር ላይ 1 ቀንሱና ከአማካይ ያለውን ልዩነት አውጡ። በመጀመሪያው ወር ገበያው 1፣ አክሲዮኑ 5 ይሆናል፤ በ5ኛው ወር ገበያው -4፣ አክሲዮኑ -9። የየወሩን ሁለት ልዩነቶች እርስ በርስ አባዝታችሁ ስትደምሩ 137 ታገኛላችሁ። የገበያውን ልዩነቶች ለብቻ ስኩዌር አድርጋችሁ ስትደምሩ 102 ይመጣል። ቤታ 137 ሲካፈል ለ102 ነው፣ ማለትም 1.34። አልፋው 1 ሲቀነስ 1.34፣ ማለትም -0.34 በመቶ ነው።

በኤክሴል የገበያው ሪተርን ከ`B2` እስከ `B13`፣ የአክሲዮኑ ከ`C2` እስከ `C13` ካለ፦

```
=SLOPE(C2:C13,B2:B13)
=RSQ(C2:C13,B2:B13)
=STEYX(C2:C13,B2:B13)/SQRT(DEVSQ(B2:B13))
```

የመጀመሪያው ቤታ፣ ሁለተኛው አር ስኩዌር፣ ሦስተኛው የቤታው ስታንዳርድ ኤረር ነው። ሦስተኛውን ብዙ ሰው አያወጣውም። ከሦስቱ አንዱን ብቻ እንድተው ብገደድ ግን የምተወው አር ስኩዌርን እንጂ ስታንዳርድ ኤረርን አይደለም፤ ምክንያቱን ወረድ ብላችሁ ታገኙታላችሁ።

በዚህ ምሳሌ አር ስኩዌሩ 0.53 ነው። ምን ማለት ነው?

የአክሲዮኑን ልዩነቶች ስኩዌር አድርጋችሁ ብትደምሩ 350 ይመጣል። ይህ የአክሲዮኑ ጠቅላላ መዋዠቅ ነው። ከዚህ ውስጥ 184ቱ በገበያው መውጣትና መውረድ የሚገለጽ ነው፤ የቀረው 166 ግን ገበያው አያውቀውም። 184 ለ350 ሲካፈል 0.53 ይሆናል።

7ኛውን ወር ተመልከቱ። ገበያው 1 በመቶ ወጣ። መስመሩ አክሲዮኑም 1 በመቶ ይወጣል ብሎ ይጠብቃል። አክሲዮኑ ግን 4 በመቶ ወረደ። በመሃል ያለው የ5 ነጥብ ክፍተት ከገበያው የመጣ አይደለም፤ ሥራ አስኪያጁ ለቆ ሊሆን ይችላል፣ አንድ ትልቅ ደንበኛ ሄዶ ሊሆን ይችላል፣ የሩብ ዓመቱ ትርፍ አንሶ ሊሆን ይችላል። 5 ሲባዛ በ5 25 ነው፤ ከ166ቱ ውስጥ 25ቱ የመጣው ከዚህች አንድ ወር ነው ማለት ነው።

እንግዲህ አር ስኩዌር የሚመልሰው አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፦ ከዚህ አክሲዮን መዋዠቅ ምን ያህሉ ከገበያው የመጣ ነው? የቀረው የኩባንያው የራሱ ጣጣ ነው። ብዙ ዓይነት አክሲዮን የያዘ ባለሀብት ላይ ይህ የራሱ ጣጣ የሚባለው ክፍል እርስ በርሱ ይጣፋል፤ አንዱ ሲወድቅ ሌላው ይነሳል። ቤታ የሚለካው የማይጣፋውን ነው።

አር ስኩዌር ከፍ ካለ ቤታው ይታመናል ማለት ነው?

በራሱ አይደለም። ሰው በብዛት የሚሳሳተው እዚህ ላይ ስለሆነ ትንሽ ረዘም አድርገን እንየው።

ቤታው ምን ያህል እንደሚታመን የሚናገረው ስታንዳርድ ኤረር ነው። በምሳሌያችን 0.40 ይመጣል። በ12 ወር ዳታ የ95 በመቶ ወሰኑን ለማግኘት 0.40ን በ2.23 ታባዙና ከ1.34 ላይ አንዴ ትቀንሳላችሁ፣ አንዴ ትደምራላችሁ። ከ0.44 እስከ 2.24 ይሆናል። ልብ በሉ፤ አር ስኩዌሩ 0.53 ነው፣ ለአንድ አክሲዮን በጣም ጥሩ የሚባል ቁጥር። ሆኖም አክሲዮኑ ከገበያው በግማሽ የሚያንስ ስጋት ይኑረው ወይስ በእጥፍ የሚበልጥ፣ ከዚህ ዳታ መለየት አይቻልም።

አሁን ሌላ አክሲዮን አስቡ። ቤታው ያው 1.34 ነው፣ አር ስኩዌሩ ግን 0.20 ብቻ፣ ዳታው ደግሞ 60 ወር። በሦስቱ መካከል ያለው ዝምድና ይህ ነው፦

```
SE = β × sqrt( (1 − R²) / (R² × (n − 2)) )
```

ቁጥሮቹን ስታስገቡ ስታንዳርድ ኤረሩ 0.35 ይመጣል፤ በ60 ወር ዳታ ማባዣው ከ2.23 ወደ 2.00 ስለሚወርድ ወሰኑ ከ0.64 እስከ 2.05 ይሆናል። አር ስኩዌሩ ከግማሽ በታች የሆነው አክሲዮን ቤታው ይበልጥ ጠበብ ብሎ ተገኘ። ምክንያቱ የወሩ ብዛት ነው። አር ስኩዌር ወር ስለተጨመረ አያድግም፤ ስታንዳርድ ኤረር ግን ወር በተጨመረ ቁጥር ይቀንሳል። የመጀመሪያው አክሲዮን 0.53ቱን እንደያዘ ወደ 60 ወር ቢዘልቅ ስታንዳርድ ኤረሩ ወደ 0.17 ይወርዳል፣ ወሰኑም ከ1.01 እስከ 1.68 ይጠባል።

ስለዚህ «አር ስኩዌሩ ከፍተኛ ስለሆነ ቤታው አስተማማኝ ነው» የሚል ዓረፍተ ነገር ጽሑፋችሁ ውስጥ ካለ አውጡትና በቦታው ወሰኑን ጻፉ።

አር ስኩዌሬ 0.25 ነው። አማካሪዬ «ሞዴሉ ደካማ ነው» አሉኝ። ልጣለው?

አትጣሉት። በመጀመሪያ፣ ለአንድ አክሲዮን 0.25 ዝቅተኛ አይደለም። ሪቻርድ ሮል እ.ኤ.አ. በ1988 ባሳተመው ጥናት ትልልቅ የአሜሪካ ኩባንያዎችን ወስዶ፣ ከገበያው ሌላ የኢንዱስትሪውንም እንቅስቃሴ ጨምሮ፣ አማካይ አር ስኩዌሩ በወርሃዊ ዳታ 0.35፣ በዕለታዊ ደግሞ 0.20 ገደማ ሆኖ አግኝቶታል። የአክሲዮን ዋጋ አብዛኛው መዋዠቁ ከራሱ ከኩባንያው ነው።

ሁለተኛ፣ በሌላ ኮርስ የፍጆታን ከገቢ ጋር ሪግረሽን ሠርታችሁ 0.90 አይታችሁ ይሆናል። እዚያ ዓላማው ፍጆታን መተንበይ ነው። እዚህ ግን የአክሲዮኑን የሚቀጥለው ወር ሪተርን ለመተንበይ አይደለም የተነሳነው፤ የምንፈልገው ስሎፑን ነው። ዝቅተኛ አር ስኩዌር ስለ ኩባንያው አንድ ነገር ይነግረናል፣ የሞዴሉን ውድቀት አይደለም።

ለአማካሪው የሚሰጠው መልስ አጭር ነው። «መምህር፣ አር ስኩዌሩ የሚያሳየው የገበያውን ድርሻ ነው፤ የቤታውን ስታንዳርድ ኤረርና ወሰን በሠንጠረዡ አስገብቻለሁ» ብትሉ አብዛኞቹ ይስማማሉ።

አንድ ነገር ግን አለ። አር ስኩዌሩ 0.02 ወይም 0.03 ከሆነ መጀመሪያ ዳታውን ጠርጥሩ። ከታች ያሉት ሦስት ችግሮች (ቀን አለመገጣጠም፣ የማይገበያይ አክሲዮን፣ የማይሆን ኢንዴክስ) ሁሉም አር ስኩዌርን እንዲህ ያወርዱታል።

እኔ ደግሞ 0.97 አገኘሁ። ጎበዝ ነኝ ማለት ነው?

ምናልባት ሪተርን ሳይሆን ዋጋውን ራሱን ሪግረስ አድርጋችሁ ይሆናል። ሁለት ነገሮች ሁለቱም በጊዜ ብዛት ወደ ላይ የሚሄዱ ከሆኑ ምንም ባይገናኙም አር ስኩዌራቸው ከፍ ሊል ይችላል። የጅማ ቤት ኪራይና የናይሮቢ ኢንዴክስ አንድ ላይ ሪግረስ ብታደርጉ የሚያምር ቁጥር ሊወጣ ይችላል፤ ትርጉም ግን የለውም።

ለማወቅ ቀላል መንገድ አለ። የአክሲዮኑን ዋጋ ከብር ወደ ሳንቲም ቀይሩና እንደገና አስሉ። ስሎፑ 100 እጥፍ ካደገ የሠራችሁት በዋጋ ነው። በሪተርን ከሆነ ምንም አይለወጥም፤ 3 በመቶ በብርም በሳንቲምም 3 በመቶ ነው። ማስተካከያውም አንድ ዓምድ ነው፦ ዋጋው ከ`B2` ጀምሮ ካለ `=B3/B2-1` ብላችሁ ወደ ታች ጎትቱት፤ ለኢንዴክሱም እንዲሁ።

0.97 በሪተርንም ሊመጣ የሚችልበት አጋጣሚ አለ። የያዛችሁት አንድ አክሲዮን ሳይሆን ብዙ አክሲዮን የያዘ ፈንድ ከሆነ ከ0.90 በላይ የተለመደ ነው።

ሁለቱን ዓምዶች አቀያይሬ አስገብቼ እንደሆነ እንዴት አውቃለሁ?

በአር ስኩዌር አታውቁም። ይህ ነው የሚያስቸግረው፤ ብታቀያይሩትም አር ስኩዌሩ ያው 0.53 ነው። የሚለወጠው ስሎፑ ነው። በምሳሌያችን ገበያውን በአክሲዮኑ ላይ ብታደርጉት 137 ለ350 ተካፍሎ 0.39 ይመጣል። 1.34 የነበረው ደፋር አክሲዮን በአንድ ጊዜ ጭምት ሆነ ማለት ነው።

በ`SLOPE` ውስጥ መጀመሪያ የሚገባው አክሲዮኑ ነው። መፈተሻ ከፈለጋችሁ ሁለቱንም አቅጣጫ አስሉና አባዙ፤ 1.34 ሲባዛ በ0.39 ከማጠጋጋት ልዩነት በቀር አር ስኩዌሩን ይሰጣል። ሁለተኛው መፈተሻ የስታንዳርድ ዲቪዬሽን ንጽጽር ነው። አክሲዮኑ ከገበያው በላይ የሚዋዥቅ ሆኖ፣ አር ስኩዌሩም ደህና ሆኖ፣ ቤታው በጣም ካነሰ ዓምዶቹን እንደገና እዩ።

የአክሲዮኑ ዋጋ የተመዘገበው በእኛ ወር መጨረሻ ነው፣ ኢንዴክሱ ግን በፈረንጆቹ። ልዩነት ያመጣል?

በጣም። ይህ ከሌላ አገር መማሪያ መጽሐፍ ላይ የማታገኙት፣ እኛ ዘንድ ግን የተለመደ ችግር ነው። የአንድ ድርጅት የራሱ መዝገብ ታኅሣሥ 30 ይዘጋል፤ ኢንዴክሱ ደግሞ ዲሴምበር 31። ታኅሣሥ 30 ማለት በተለመደው ዓመት ጃንዋሪ 8 ነው። የእኛ ታኅሣሥ ከዲሴምበር 10 እስከ ጃንዋሪ 8 ይሸፍናል፤ ከዲሴምበር ጋር የሚጋራው 22 ቀን ብቻ ነው። በቀሪዎቹ ቀናት የሆነው ነገር ከተሳሳተ ወር ጋር ይነጻጸራል።

ውጤቱን በግምት ማስላት ይቻላል። ትክክለኛው ቤታ 1.34፣ አር ስኩዌሩም 0.53 ከሆነ፣ ቀኑ ሳይገጥም ሲሰላ ቤታው 22 ለ31 በሆነ ድርሻ ይወርዳል፣ ወደ 0.95 ገደማ። አር ስኩዌሩ ደግሞ በግማሽ ይጎዳል፣ ወደ 0.27 ይሆናል። ከገበያው በላይ ስጋት ያለው አክሲዮን ከገበያው በታች መስሎ ይታያል። ዳታው ውስጥ ምንም የተሳሳተ ቁጥር የለም፤ ቀኑ ብቻ ነው ያልገጠመው።

መፍትሔው ሁለቱንም በአንድ ቀን ዋጋ መያዝ ነው። ዕለታዊ ኢንዴክስ ካለ የወሩን መጨረሻ ዋጋ ሳይሆን በእኛ ወር መጨረሻ ቀን ላይ የነበረውን ዋጋ ውሰዱ። ጳጉሜንንም አትርሱ። የነሐሴ መጨረሻና የመስከረም መጨረሻ ዋጋ ብቻ ካላችሁ ያ «አንድ ወር» 35 ወይም 36 ቀን ነው፤ የኢንዴክሱም እንደዚያው መሆን አለበት።

አክሲዮኑ አልፎ አልፎ ብቻ ነው የሚገበያየው። ቤታው 0.2 ወጣ። እውነት ነው?

መጀመሪያ የሪተርን ዓምዱን እዩና ስንት ዜሮ እንዳለ ቁጠሩ። ዜሮ የበዛበት ዓምድ ዋጋው አልተለወጠም ማለት ላይሆን ይችላል፤ የገዛም የሸጠም የለም ማለት ሊሆን ይችላል። ገበያው ዛሬ 4 በመቶ ሲወድቅ የዚህ አክሲዮን የተመዘገበ ዋጋ ያው ያለፈው ነው። ከሁለት ሳምንት በኋላ አንድ ሰው ሲሸጥ ውድቀቱ በአንዴ ይመዘገባል፤ ያን ጊዜ ገበያው ሌላ ወሬ ላይ ነው። ሪግረሽኑ ደግሞ የሚያየው የዚያኑ ጊዜ ብቻ ነው፣ ስለዚህ ቤታውም አር ስኩዌሩም ዝቅ ይላል።

እዚህ ላይ ዝቅተኛው አር ስኩዌር ከላይ እንዳልነው ስለ ኩባንያው ጣጣ የሚናገር አይደለም። ዋጋው ያረጀ መሆኑን ነው የሚናገረው። ሁለቱን ሳይለዩ «ይህ አክሲዮን ከገበያው ጋር ግንኙነት የለውም፣ ስለዚህ ስጋት የለውም» ብሎ መደምደም አደገኛ ነው።

ለመለየት ያለፈውን ጊዜ የገበያ ሪተርን እንደ ሁለተኛ ዓምድ አስገቡ። ኤልሮይ ዲምሰን እ.ኤ.አ. በ1979 ያቀረበው ዘዴ ይህን ይመስላል፦ አክሲዮኑን በዚህ ወር ገበያና ባለፈው ወር ገበያ ላይ በአንድ ላይ ሪግረስ አድርጉ፣ ከዚያ ሁለቱን ስሎፖች ደምሩ። ለምሳሌ የዚህ ወሩ 0.2፣ ያለፈው ወር 0.6 ቢወጣ ቤታው 0.8 ነው። ያለፈው ወር ስሎፕ ከስታንዳርድ ኤረሩ አንጻር ጉልህ ሆኖ ከወጣ ችግሩ የግብይት መዘግየት ለመሆኑ ጥሩ ምልክት ነው። ወደ ዜሮ ከተጠጋ ግን ቤታው ምናልባት በእርግጥም ትንሽ ነው።

ዕለታዊ ዳታ ይዛችሁ ከሆነ ወደ ወርሃዊ መሄድም ብዙ ያግዛል። የወር ብዛት ስለሚቀንስ ግን ስታንዳርድ ኤረሩ ይሰፋል፤ ያንን ዋጋ አውቃችሁ ክፈሉ።

የአገራችንን አክሲዮን ወስጄ መሥራት አልችልም?

የኢትዮጵያ ሰነደ ሙዓለ ንዋዮች ገበያ ሥራ የጀመረው ጥር 2 ቀን 2017 ዓ.ም. ነው፤ መጀመሪያ የተመዘገበውም ወጋገን ባንክ ነው። 60 ወር ለመሙላት ገና ነው፤ ግብይቱም ሳሳ ያለ ስለሆነ ያለፈው ጥያቄ ችግር በሙሉ ይመጣል። ስለዚህ ተማሪው በአብዛኛው የናይሮቢን ዳታ ይወስዳል።

ናይሮቢ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። ሳፋሪኮም ከገበያው ጠቅላላ ዋጋ እጅግ ትልቅ ድርሻ አለው። ሁሉንም አክሲዮን በኩባንያው ጠቅላላ የገበያ ዋጋ የሚመዝነውን ኢንዴክስ ወስዳችሁ ሳፋሪኮምን ብትሠሩ አር ስኩዌሩ ያለ ልክ ከፍ ይላል፣ ቤታውም ወደ 1 ይሳባል። አክሲዮኑን በራሱ ላይ ሪግረስ እንደማድረግ ነው። ለሌሎቹ ኩባንያዎችም ቢሆን ቤታችሁ በከፊል «ከሳፋሪኮም ጋር ምን ያህል ይሄዳል» የሚል መልስ ነው የሚሰጣችሁ። ከተቻለ ሰፊ የአፍሪካ ወይም የታዳጊ አገሮች ኢንዴክስም ወስዳችሁ አነጻጽሩ፤ ያኔ ግን ሁለቱንም ሪተርን በአንድ ገንዘብ ማስላት አለባችሁ፣ አክሲዮኑ በሽልንግ፣ ኢንዴክሱ በዶላር ሆኖ አይሆንም።

ከስጋት ነጻ የሆነውን ወለድ መቀነስ አለብኝ?

ወለዱ በወራቱ ውስጥ ብዙም ካልተለወጠ ቤታው ላይ ለውጥ አያመጣም፤ የሚለወጠው አልፋው ነው። መምህሩ ከጠየቀ ቀንሱ፣ ካልጠየቀ ብዙ አትድከሙበት።

አንድ ወር ቤታውን ሊያበላሸው ይችላል?

በ12 ወር ዳታ፣ አዎ። ከምሳሌያችን 5ኛውን ወር (ገበያው -3፣ አክሲዮኑ -8) አውጥታችሁ አስሉ። ቤታው ከ1.34 ወደ 1.16፣ አር ስኩዌሩም ከ0.53 ወደ 0.43 ይወርዳል። ስለዚህ ከማስላታችሁ በፊት ነጥቦቹን በስካተር ሥሉ። ብቻውን ራቅ ብሎ የተቀመጠ ነጥብ ካለ በዚያ ወር ምን እንደተፈጠረ ፈልጉ። የአክሲዮን ክፍፍል ሆኖ ዋጋው በግማሽ «የወደቀ» ከመሰለ የዳታ ስህተት ነውና ይስተካከል። እውነተኛ ውድቀት ከሆነ ግን አታውጡት። ካለሱና ከነሱ ያለውን ውጤት ሁለቱንም አሳዩ። ቁጥሩን ለማሳመር ሲባል የሚወጣ ወር የለም።

«የተስተካከለ ቤታ» የሚሉት ምንድን ነው?

ማርሻል ብሉም እ.ኤ.አ. በ1971 እንዳሳየው፣ በአንድ ዘመን ከፍ ብሎ የተገኘ ቤታ በሚቀጥለው ዘመን ወደ 1 ይጠጋል፣ ዝቅ ያለውም እንዲሁ። በተግባር 0.67ን በቤታው አባዝተው 0.33 ይደምራሉ። የእኛው 1.34 ወደ 1.23 ይመጣል። ጥሩ ነው፤ ግን 0.67 ለሁሉም አክሲዮን አንድ ዓይነት ነው። ስታንዳርድ ኤረሩ 0.10 የሆነውንና 0.40 የሆነውን እኩል ይጎትታል፤ ሁለተኛው ግን የበለጠ መጎተት ነበረበት።

አጋሮ አካባቢ የቡና ማጠቢያ ጣቢያ ያለው ዘመድ አለኝ። ንብረቱ ሁሉ እሷ ላይ ነው። ቤታ ለእሱ ምን ይረባዋል?

እዚህ ላይ ነው አር ስኩዌር በእርግጥ ሥራ የሚሠራው። ቤታ የተሠራው ብዙ አክሲዮን ለያዘ ሰው ነው፤ የኩባንያው የራሱ ጣጣ ይጣፋል ከሚል ነው የሚነሳው። ለዚህ ሰው ግን ምንም የሚጣፋ ነገር የለም። የጣቢያው ማሽን በመኸር መሃል ቢቆም፣ ወይም ገዥው ውሉን ቢያፈርስ፣ ሌላ ቦታ የሚያካክስለት ሀብት የለውም። ስጋቱ 350ውም ነው፣ 184ቱ ብቻ አይደለም።

አስዋት ዳሞዳራን የሚያስተምረው ጠቅላላ ቤታ የሚባል ስሌት አለ። ተመሳሳይ ሥራ ያለውን የተመዘገበ ኩባንያ ቤታ ወስዶ ለአር ስኩዌሩ ስኩዌር ሩት ማካፈል ነው። የምሳሌያችንን አክሲዮን እንደዚያ ዓይነት ኩባንያ ብንወስደው የ0.53 ስኩዌር ሩት 0.73 ገደማ ነው፤ 1.34 ለዚህ ሲካፈል 1.85 ይመጣል። ይህ ቁጥር ከየትም የመጣ አይደለም፤ የአክሲዮኑ ስታንዳርድ ዲቪዬሽን ለገበያው ስታንዳርድ ዲቪዬሽን ሲካፈል የሚገኘው ያው ነው።

የገበያው የስጋት ፕሪሚየም 8 በመቶ ነው ብንል፣ ብዙ አክሲዮን የያዘ ባለሀብት ከዚህ ሥራ ከስጋት ነጻ ከሆነው ወለድ በላይ 10.7 በመቶ ይጠብቃል። ንብረቱ ሁሉ እዚያው የሆነ ሰው ግን 14.8 በመቶ ሊጠብቅ ይገባዋል። አር ስኩዌሩ ባነሰ ቁጥር ልዩነቱ ይሰፋል፤ 0.20 ቢሆን ኖሮ 1.34 ወደ 3.0 ይጠጋ ነበር።

ሁሉም ባለሙያ ይህን ስሌት አይቀበለውም። ዋናው ተቃውሞ ጣቢያውን ነገ የሚገዛው ሰው ብዙ ንብረት ያለው ድርጅት ከሆነ የእሱ ዋጋ በ1.34 እንጂ በ1.85 አይሰላም የሚል ነው፤ ሻጩም በ1.85 አስልቶ ከተደራደረ ጣቢያውን አርክሶ ይሸጣል። ስለዚህ ዘመዳችሁ ሥራውን ለራሱ ይዞ መቀጠል አለመቀጠሉን ሲያመዛዝን 1.85ን ይጠቀም፤ ለገዥ ዋጋ ሲያወጣ ግን መጀመሪያ ገዥው ማን እንደሆነ ይጠይቅ።